ጀበናው ከቤቱና ከጋሪው ጋር እንዲስማማ፦ በተዘጋጀ የአይኮን ስብስብ ላይ የራስዎን አይኮን መጨመሪያ ዝርዝር መመሪያ

የሞባይል መተግበሪያ የሚሠራ ሰው የቤት፣ የማጉያ መነጽርና የጋሪ አይኮኖችን ከተዘጋጀ ስብስብ ይወስዳል፤ ጀበና፣ ሲኒ ወይም መሶብ ሲያስፈልገው ግን በስብስቡ ውስጥ ስለማያገኝ ራሱ ለመሳል ይቀመጣል። የሚያስቸግረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጀበናው ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ ከቤቱና ከጋሪው ጎን ሲቆም ግን በውሰት የመጣ ዕቃ ይመስላል። ምክንያቱ የሳዩ እጅ ማነስ እምብዛም አይደለም፤ መስመሩ፣ ጥጉ ወይም መጠኑ ስብስቡ በሚከተለው ልክ አለመሠራቱ ነው።

ይህ መመሪያ አንድ ጀበና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስላል። መነሻ ያደረግነው ሉሲድ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ስብስብ ሲሆን፣ የመሳያ ፕሮግራሙ ፊግማ ነው። ሌላ ስብስብ የሚጠቀሙ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

## ደረጃ 1፦ ከመሳልዎ በፊት ስብስቡን ይለኩ

ከስብስቡ ውስጥ `square`፣ `circle` እና `house` የተባሉትን ሦስት አይኮኖች በፊግማ ይክፈቱና የሚከተሉትን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ።

1. የሸራው መጠን፦ 24 በ24 ፒክስል።
2. የመስመር ውፍረት፦ 2 ፒክስል። የመስመሩ ጫፍም ሆነ መገናኛው ክብ ነው።
3. የካሬው ፓዝ 18 በ18 ሲሆን የጥጉ ሬዲየስ 2 ነው። የክቡ ፓዝ ዲያሜትር 20 ነው።
4. ስምንት ፒክስል የማይሞሉ ትንንሽ ቅርጾች የጥግ ሬዲየስ 1 ነው። በማይነካኩ ክፍሎች መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ቢያንስ 2 ነው።

ፓዝ ስንል መስመሩ የሚሄድበትን ማዕከላዊ መንገድ ማለታችን ነው። መስመሩ ከፓዙ ወደ ውስጥ 1፣ ወደ ውጭም 1 ፒክስል ስለሚዘረጋ፣ ፓዙ 18 የሆነ ካሬ በዓይን የሚታየው ስፋቱ 20 ነው፤ ፓዙ 20 የሆነ ክብ ደግሞ 22 ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የፓዙን ቁጥር ጽፎ ሲያበቃ የራሱን ሥዕል በሚታየው ጠርዝ ይለካል፣ ከዚያም ጀበናው ለምን እንዳነሰ ይገረማል። ስለዚህ በገጽዎ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ፓዝ» ወይም «ጠርዝ» ብለው ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ። ከሁለት ስብስቦች አይቀላቅሉ። ሁለቱም 24 ሸራና 2 ፒክስል መስመር ቢኖራቸው እንኳ በጥግ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ወደዚህ በደረጃ 4 እንመለሳለን።

## ደረጃ 2፦ ፍሬሙንና መመሪያ መስመሮቹን ያዘጋጁ

1. 24 በ24 የሆነ ፍሬም ይፍጠሩ። ቅርጹን በሌላ መጠን ስሎ በኋላ ማሳነስ አይፈቀድም፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው ደረጃ ያገኙታል።
2. ከአራቱም ጎን 1 ፒክስል ህዳግ ይተዉ። ከዚህ ክልል ምንም መስመር አይወጣም።
3. ከስብስቡ የወሰዱትን `square` እና `circle` በፍሬሙ ውስጥ ደራርበው፣ ቀለማቸውን አደብዝዘው ይቆልፏቸው። ሥዕልዎ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ተቀራራቢ መጠን ሊኖረው ይገባል።
4. የፒክስል ግሪዱን ያብሩ፤ ነጥቦች በሙሉ ቁጥር ላይ እንዲያርፉም ያድርጉ።

አራተኛውን ችላ አይበሉ። ፓዙ በ10 ላይ ሲያርፍ 2 ፒክስል የሆነው መስመር ከ9 እስከ 11 ያለውን ቦታ በትክክል ይሞላል። ፓዙ 10.5 ላይ ካረፈ ግን መስመሩ አንድ ሙሉ ፒክስልና በግራና በቀኝ ሁለት ግማሽ ፒክስሎችን ስለሚነካ፣ በተራ የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ወፍራምና ግራጫ ሆኖ ይታያል። ይህን ለማወቅ ሥዕሉን አጉልተው ሳይሆን በ100 ፐርሰንት ይመልከቱት፤ ከጎኑ ካለው ቤት ይልቅ የደበዘዘ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ነጥቡ ከግሪዱ ወጥቷል ማለት ነው።

## ደረጃ 3፦ መስመሩን በትክክለኛው ውፍረት ይሳሉ

ለአንድ የቡና ማዘዣ መተግበሪያ ጀበና እንድስል በታዘዝኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ሥዕል የሠራሁት 512 ፒክስል በሆነ ሸራ ላይ፣ በ20 ፒክስል መስመር ነበር። ወደ 24 ሳሳንሰው መስመሩም አብሮ አነሰና 0.94 ፒክስል ሆነ፤ ከቤቱ ጎን ሲቀመጥ በጸጉር የተሳለ መሰለ። ተናድጄ መስመሩ እንዳያንስ አድርጌ በድጋሚ ሳሳንሰው ደግሞ 20 ፒክስሉ እንዳለ ቀረና ጀበናው ጥቁር ድብልብል ሆነ። ሁለቱም ስህተቶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ቅርጽ ሲያንስ መስመሩ አብሮ ያንሳል ወይስ አያንስም የሚለውን አስቀድሞ አለመወሰን።

በፊግማ የተለመደውን የመምረጫ መሣሪያ ይዘው ጠርዙን ሲጎትቱ ውፍረቱ ሳይለወጥ ይቀራል፤ `K` ተጭነው በሚመጣው መሣሪያ ሲጎትቱ ግን ውፍረቱና የጥጉ ሬዲየስ አብረው ይለወጣሉ። በኢንክስኬፕ ይኸው ምርጫ `Scale stroke width` በሚል ስም ይገኛል። አይኮን በሚስሉበት ጊዜ `K` አይንኩ።

አሁን ጀበናውን በዚህ ቅደም ተከተል ይሳሉ።

1. ሆዱ። መሃሉ ከግራ 12፣ ከላይ 15 ላይ የሆነ፣ ሬዲየሱ 6 የሆነ ክብ ይሳሉ።
2. አንገቱ። በ10 እና በ14 ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮችን ከሆዱ አናት እስከ 3 ድረስ ያውጡና ከላይ ይግጠሟቸው። በሁለቱ ፓዞች መካከል 4 ፒክስል ስላለ፣ የመስመሮቹ ውፍረት ሲቀነስ 2 ፒክስል ባዶ ቦታ ይቀራል። አንገቱን ከዚህ አያጥብቡት።
3. እጀታው። ከአንገቱ ቀኝ ጎን ተነስተው እስከ 20 ድረስ ይውጡና፣ ታጥፈው ወደ ሆዱ ይመለሱ።
4. ቡናው የሚቀዳበት አፍ። ከሆዱ ግራ ጎን ወደ ላይ 45 ዲግሪ ያጋደለ አጭር መስመር ያድርጉ። 43 ወይም 50 ዲግሪ የሆነ መስመር ጠርዙ መሰላል መሰላል ሊመስል ስለሚችል፣ ምክንያት ከሌለዎት በ45 ይጽኑ።

ሲጨርሱ ፋይሉ ይህን መምሰል አለበት፦

```
<svg xmlns="http://www.w3.org/2000/svg"
  width="24" height="24" viewBox="0 0 24 24"
  fill="none" stroke="currentColor" stroke-width="2"
  stroke-linecap="round" stroke-linejoin="round">
  <circle cx="12" cy="15" r="6"/>
  <path d="M10 9V4a1 1 0 0 1 1-1h2a1 1 0 0 1 1 1v5"/>
  <path d="M14 5h3a3 3 0 0 1 3 3v1a3 3 0 0 1-3 3"/>
  <path d="M7 11 4 8"/>
</svg>
```

ከተበላሸ። መስመሩን ሲመርጡት የውፍረት ቁጥር የማያሳይ ከሆነ፣ አንድ ሰው መስመሩን ወደ ተሞላ ቅርጽ ቀይሮታል ማለት ነው። ከዚያ ቅርጽ ተነስቶ ውፍረት ማስተካከል አድካሚ ነው፤ የመጀመሪያውን ፋይል ይፈልጉ፣ ካልተገኘ ደግሞ ከላዩ ላይ እንደገና ይሳሉት። ለአይኮን ፎንት የተሞላ ቅርጽ ካስፈለገዎት ቅጂ አውጥተው ቅጂውን ብቻ ይቀይሩ።

## ደረጃ 4፦ ጥጎቹን ከውጭም ከውስጥም ያስተካክሉ

በፓዙ ላይ የሚጽፉት የጥግ ሬዲየስ በዓይን ከሚታየው ጋር አንድ አይደለም። የመስመሩ ውፍረት 2 ሲሆን የውጩ ጥግ ከፓዙ በ1 ይበልጣል፣ የውስጡ ደግሞ በ1 ያንሳል። ስለዚህ ፓዙ 2 ሬዲየስ ያለው የሉሲድ ካሬ ውጩ 3፣ ውስጡ 1 ነው። የጉግል ማቴሪያል መመሪያ በበኩሉ የውጩ ጥግ 2 እንዲሆን፣ የውስጡም ሹል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህ ማለት ፓዙ 1 ነው። ሁለቱን ስብስቦች የሚያደባልቅ ሰው ሸራውም መስመሩም አንድ ሆኖ ሳለ የሆነ ነገር ቅር የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የአንዱ ውስጠኛ ጥግ ለስላሳ፣ የሌላው ስለት ነው።

በጀበናው ላይ የአንገቱ አፍ 4 ፒክስል ብቻ ስለሆነ የፓዙ ሬዲየስ 1 ይሆናል። እዚያ ላይ 2 ቢያደርጉት አናቱ ሙሉ ግማሽ ክብ ይሆንና ጀበናው ጠርሙስ ይመስላል። እጀታው 3 የሆነበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እጀታ የሳጥን ጥግ ሳይሆን የታጠፈ ቅርጽ ስለሆነ በካሬው ሕግ አይገዛም። ይህን ልዩነት በገጽዎ ላይ ይጻፉት፤ «ጥግ» 2 ወይም 1 ብቻ ይሆናል፣ «እጥፋት» ግን ዕቃው እንደሚጠይቀው ይሆናል። ይህ ካልተለየ ቀጥሎ የሚመጣው ዲዛይነር 1.5፣ 2.4 እና 2.75 የሆኑ ጥጎችን ይፈጥራል።

አንዱ ክብ ጥግ በሌላው ውስጥ ሲቀመጥ፣ ለምሳሌ በስልክ አይኮን ውስጥ የስክሪኑ ሳጥን ሲገባ፣ ለሁለቱም እኩል ሬዲየስ አይስጡ። ከውጩ ቅርጽ የፓዝ ሬዲየስ ላይ በሁለቱ ፓዞች መካከል ያለውን ርቀት ይቀንሱ፤ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የውስጡን ሹል ያድርጉት። እኩል ከሰጡ ባዶው ቦታ በጥጉ ላይ ሰፍቶ ይታያል።

## ደረጃ 5፦ በቁጥር የተስተካከለውን በዓይን ሚዛን ይመርምሩ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር የሚለካ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዓይን የማይቀበለው ነገር ይመጣል።

መጠን። ክቡ ከካሬው የሚበልጠው በስህተት አይደለም። በሚታየው ጠርዝ ሲለካ ጥጉ የተከበበው ካሬ ስፋት ወደ 392 ካሬ ፒክስል ይሆናል፤ ዲያሜትሩ 22 የሆነው ክብ ደግሞ ወደ 380። ተቀራራቢ ስለሆኑ ዓይን እኩል አድርጎ ይቀበላቸዋል። ክቡን በካሬው ልክ 20 ቢያደርጉት ስፋቱ ወደ 314 ይወርዳል፤ የካሬውን ስፋት አምስት እጅ ካደረጉት ክቡ ከእሱ በአንድ እጅ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ «ሁሉም አይኮን በ20 ሳጥን ይግባ» የሚል ትእዛዝ ከመጣልዎ ለመከራከር እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ።

የእኛ ጀበና በሚታየው ጠርዝ 18 በ20 ነው፤ ከግራ 3፣ ከቀኝም 3 ፒክስል ይቀረዋል። ቀጭን አንገት ስላለው ከካሬው ስፋት ያነሰ ቦታ ይሞላል፤ ሆዱን በማስፋት ልናካክሰው እንችል ነበር፣ ነገር ግን እጀታውን ስለሚያጣብበው ትቼዋለሁ።

መሃል። ፊግማ ቅርጽን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው በሳጥኑ እንጂ በክብደቱ አይደለም። ለቡና አፈላል ቪዲዮ የማጫወቻ ቁልፍ ሲሠሩ ይህ በግልጽ ይታያል። ሦስት ማዕዘኑ 12 ፒክስል ቢሰፋ የሳጥኑ መሃል ከጀርባው 6 ላይ ነው፤ የክብደቱ መሃል ግን ከጀርባው አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም 4 ላይ ነው። ስለዚህ በሳጥኑ መሃል ከተቀመጠ ወደ ግራ የተንሸራተተ ይመስላል። ወደ ቀኝ 1 ፒክስል ይግፉትና ይመልከቱ፤ ሙሉውን 2 መግፋት ብዙ ጊዜ ይበዛል፣ ምክንያቱም ሹሉ ጫፍ ዓይንን ይስባል።

ግርጌ። የቤቱ ወለል ጠፍጣፋ ሲሆን 22 ላይ ያበቃል። የጀበናው ሆድም 22 ላይ ያበቃል፤ ነገር ግን ክብ ግርጌ በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሚያርፍ ትንሽ የተንሳፈፈ ይመስላል። የፊደል ቅርጽ የሚስሉ ሰዎች ክብ ፊደልን ከመስመሩ ጥቂት አሳልፈው የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ጀበናውን 1 ፒክስል ወደ ታች አውርጄ ሞከርኩት፤ ከባዱ ክፍል ታች ስለሆነ የሰመጠ መሰለኝና ወደ ቦታው መለስኩት። ከሥሩ ማቶት ለማድረግም አስቤ ነበር፤ ከሆዱ 2 ፒክስል ርቆ 2 ፒክስል የሚወፍር መስመር ለማስገባት ግን ህዳጉን መጣስ ግድ ነበር።

ጥቁረት። አይኮኖቹን በአንድ ረድፍ ደርድረው ሁሉንም በ`Layer blur` ያደብዝዙ፤ 3 ወይም 4 ይበቃል። ቅርጾቹ ጠፍተው ግራጫ ነጠብጣቦች ብቻ ይቀራሉ። አንዱ ነጠብጣብ ከሌሎቹ ጠቁሮ ከታየ በዚያ አይኮን ውስጥ መስመር በዝቷል። ያን ጊዜ መስመሩን ወደ 1.75 ማቅጠን ያምርዎታል፤ አያድርጉት፤ ዝርዝር ያስወግዱ። በመጀመሪያው ሥዕሌ ላይ በጀበናው ሆድ ዙሪያ የነበረው ጌጥ የወጣው በዚህ ፈተና ነው።

## ደረጃ 6፦ የሚያስፈልጉትን መጠኖች ይወስኑ

24 ፒክስሉን አይኮን ወደ 16 ሲያወርዱት መስመሩ 1.33 ይሆናል፤ ወደ 20 ሲያወርዱት 1.67። ይህ በሁሉም ስክሪን እኩል ጉዳት የለውም። አንዱን ነጥብ በሦስት ፒክስል በሚያሳይ ስልክ ላይ 1.33 ልክ 4 ፒክስል፣ 1.67 ደግሞ ልክ 5 ፒክስል ስለሚሆን የውፍረቱ ችግር አይሰማም። አንድ ለአንድ በሚያሳይ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ግን መስመሩ ይደበዝዛል። ሥራዎ በስልክ ብቻ የሚታይ ከሆነ ስለ ውፍረቱ ብዙ አይጨነቁ፤ የካሸር ወይም የአስተዳደር ገጽ ካለው ግን ለ16 የተለየ ሥዕል ያዘጋጁ።

የተለየ ሥዕል ማለት ማሳነስ አይደለም፤ ዝርዝር መቀነስ ነው። የጀበናው አንገት ውስጥ ያለው 2 ፒክስል ባዶ ቦታ በ16 ላይ 1.33 ይሆንና ይደፈናል። ስለዚህ በ16ቱ ሥዕል አንገቱን በአንድ መስመር ይሳሉት። ሆዱ፣ እጀታውና አፉ ካሉ አንባቢው ጀበናነቱን አይስተውም።

ወደ ላይ ሲያድግ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በ48 መስመሩ 4 ፒክስል ሆኖ ይከብዳል። በስክሪኑ ላይ የሚፈልጉትን ውፍረት ለማግኘት በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈውን ቁጥር እንዲህ ያስሉ፦

```
stroke-width = wanted × 24 / size
3 × 24 / 48 = 1.5
```

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ በአንድ ገጽ ላይ 48 የሆነውን ጀበና ያስተካከለ ሰው በዚያው ገጽ ያሉትን 48 የሆኑ ሌሎች አይኮኖችም በዚሁ ቁጥር ማስተካከል አለበት። በመጠን እንጂ በአይኮን ለይተው አይለውጡ።

## ደረጃ 7፦ ኤክስፖርት አድርገው ፋይሎቹን ይፈትሹ

ሥዕሉን ሳይሆን ፍሬሙን መርጠው ወደ ኤስቪጂ ያውጡ። ሥዕሉን ብቻ ከመረጡ ህዳጉ ይቆረጥና `viewBox` 18 በ20 ሆኖ ይወጣል፤ ዴቨሎፐሩ ያንን በ24 ሳጥን ውስጥ ሲያስገባው ጀበናው ተለጥጦ ከሁሉም ይገዝፋል፣ መስመሩም ይወፍራል። በስልኩ ላይ አንድ አይኮን ብቻ ሳይታወቅ ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ፋይሎቹ በአንድ ማህደር ከተሰበሰቡ በኋላ በተርሚናል እነዚህን ያስኬዱ፦

```
grep -L 'viewBox="0 0 24 24"' *.svg
grep -L 'stroke-width="2"' *.svg
grep -l 'transform=' *.svg
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሕጉ የወጡትን ፋይሎች ስም ያወጣሉ፤ ምንም ካልወጣ ደህና ነው። ሦስተኛው የሚያወጣው ቅርጹ ዞሮ ወይም ተጎትቶ የተቀመጠበትን ፋይል ነው፤ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ 2 ተብሎ የተጻፈው ውፍረት በስክሪን ላይ 2 ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ፊግማ መልሰው ቅርጹን `Flatten` ያድርጉትና እንደገና ያውጡት። ሁለተኛው ትእዛዝ የማያየው አንድ ስህተት አለ፤ በአንድ ፋይል ውስጥ አንዱ መስመር 2፣ ሌላው 1.5 ከሆነ ፋይሉ ያልፋል። ያንን የደረጃ 5 ማደብዘዝ ሊያሳየው ይችላል።

በመጨረሻም ጀበናውን በመተግበሪያው ውስጥ አስገብተው፣ ከቤቱና ከጋሪው መካከል አድርገው፣ በእውነተኛው ስልክ ላይ ይመልከቱት። ሆዱ ጥቁር ሆኖ ከታየ ሥዕሉ አልተበላሸም፤ ፋይሉ ሲተላለፍ `fill="none"` ጠፍቷልና ይመልሱት። ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ በ`currentColor` ቦታ ፊግማ `black` ጽፎበታል።